አሥራ አምስት የሥራ ቀናት

መሥሪያ ቤት ለባለጉዳይ ከሚሰጣቸው ተስፋዎች ሁሉ «በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ» የሚለውን የሚስተካከል የለም። «ነገ ይምጡ» የተባለ ሰው ነገ ይመጣል። «የዛሬ ሳምንት» የተባለውም የዛሬ ሳምንት በር ላይ ቆሞ ይገኛል። 15 የሥራ ቀን የተባለው ግን ጣቱን እያጠፈ ከቢሮ ይወጣና ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ቅዳሜ ላይ ይደናቀፋል። ይቁጠራት ወይስ ይዝለላት? እሷን እንደምንም ካለፈ በዓል ይመጣበታል። በዚህ መሐል የመጀመሪያው ቀን ዛሬ ይሁን ነገ ይጠፋዋል። ተመልሶ እንዳይጠይቅ ያፍራል፤ እኛም ያንን እናውቃለን።

እኔ የምሠራው የሰው ሀብት ክፍል ነው። ቀን መቁጠር እንጀራዬ ነው ብል አልዋሸሁም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል፤ አዲስ ገቢው በሙከራ የሚቆየውም ቢበዛ 60 የሥራ ቀናት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን አንድ ቀን ያሳሳተ ሰው ወይ የሰው ዕረፍት በልቷል፣ ወይ የሙከራ ጊዜው ያለፈን ሠራተኛ ገና በሙከራ ላይ ነህ ብሎ ሊያሰናብት ነው። ሁለቱም ወደ ክስ ይወስዳሉ።

የቀን ቆጣሪን ችሎታ ለመፈተን ከ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ የተሻለ ወር አላውቅም። ስቅለት ሚያዝያ 10 ዓርብ ነበር። ትንሣኤ ሚያዝያ 12 እሁድ። የሠራተኞች ቀን ሚያዝያ 23 ሐሙስ ዋለ። የአርበኞች የድል ቀን ደግሞ ሚያዝያ 27 ሰኞ። በአንድ ወር አራት በዓል ማለት ነው፤ ማዕዶትን ብሎ ሰኞ የቀረውን ሠራተኛ ሳልቆጥር። እሱ በሕግ ሥራ ላይ ነው፣ በአካል ግን ዶሮው የተረፈበት ቤት።

እንግዲህ አንድ አዛውንት ማመልከቻቸውን ሚያዝያ 6 ሰኞ አስገቡ እንበል። መዝገብ ቤት ማኅተም መታላቸውና «በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ያገኛሉ» ተባሉ። አዛውንቱ አእምሯቸው ሰላ ያለ ነው። ሳምንት አምስት የሥራ ቀን አለው፤ 15 የሥራ ቀን ማለት ሦስት ሳምንት ነው፤ ከሰኞ ሚያዝያ 6 ሦስት ሳምንት ሲቆጠር ሰኞ ሚያዝያ 27። ሒሳቡ እንከን የለውም። ሚያዝያ 27 ማለዳ በር ላይ ሲደርሱ ዘበኛው ብቻውን ፀሐይ ይሞቃል።

«አባባ፣ ዛሬ እኮ የአርበኞች ቀን ነው።»

«እንዴ! እኔ ራሴ የአርበኛ ልጅ ነኝ፣ ይኼን እንዴት ረሳሁት?»

ትክክለኛውን ቆጠራ አብረን እንሂድበት። ማመልከቻው የገባበት ሰኞ አይቆጠርም፤ በእኛ ቤት ልማድ መቁጠር የሚጀመረው ከማግስቱ ነው። ማክሰኞ ሚያዝያ 7 አንድ፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ሦስት። ዓርብ ስቅለት ነው፣ ይዘለላል። ቅዳሜና እሁድ ይዘለላሉ። ከሰኞ 13 እስከ ዓርብ 17 ያሉት አምስት ቀናት ተጨምረው ስምንት። ከሰኞ 20 እስከ ረቡዕ 22 ሦስት ተጨምረው አሥራ አንድ። ሐሙስ የሠራተኞች ቀን ነው። ዓርብ 24 አሥራ ሁለት። ቅዳሜ፣ እሁድና ሰኞ 27 ሦስቱም የሉም። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፤ አሥራ አምስተኛው ቀን ሚያዝያ 30 ላይ አረፈ። የወሩ የመጨረሻ ቀን! ከአዛውንቱ ሦስት ሳምንት ላይ ሦስት በዓላት ሦስት ቀን ገፍተውታል።

አራት በዓል አልነበረም እንዴ ያልክ አንባቢ አለህ፤ ጥሩ አንባቢ ነህ። ትንሣኤ በየትኛውም ዓመት ቢሆን የሚውለው እሁድ ነው። እሁድን አንዴ ዕረፍት ብለን ከዘለልነው በኋላ በዓል ነው ብለን ሁለተኛ ልንዘለው አንችልም። ይህን ግልጽ ነገር የሚስት ሰው ብዛቱ ያስገርማል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ቀን አይቆጥርም፣ ቀን ይቀንሳል። ከጠቅላላው ላይ ቅዳሜና እሁዶቹን፣ ከተረፈው ላይ ደግሞ በዓላቱን።

የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን፣ ትልቁም ትንሹም እትዬ የሚላቸው ሴት፣ የሚሠሩት እንደዚሁ ነው። ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ በእስክሪብቶ ጀርባ እየነኩ ከሚያዝያ 6 እስከ 30 ይቆጥራሉ፤ 25 ቀን። ቅዳሜና እሁዶቹ ስድስት ናቸው፤ ሲቀነሱ 19 ይተርፋል። በቀይ የተጻፉት በዓላት አራት ናቸው፤ ሲቀነሱ 15። «ይኸው፣ 30 ላይ ያልቃል!» ይላሉ። መልሳቸው ልክ ነው። መንገዱ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አንደኛ፣ መቆጠር የማይገባውን ሚያዝያ 6ን ቆጥረዋል። ሁለተኛ፣ ትንሣኤን ሁለት ጊዜ ቀንሰዋል። አንዱ ስህተት የጨመረውን ቀን ሌላው ስህተት አነሳላቸውና ሁለቱ ተያይዘው ትክክል ሆኑ። ይህን ላስረዳቸው ብሞክር «ልጄ፣ መልሱ ልክ ከሆነ ምን ቸገረህ?» አሉኝ። ሰኔ ላይ፣ እሁድ የሚውል በዓል በሌለበት ወር፣ ያው ቆጠራ አንድ ቀን አጎደለባቸው። ጥፋቱ በቀን መቁጠሪያው ተመካኘ፤ ግድግዳው ላይ በሌላ ተተካ።

ኤክሴል የሚባለው መገልገያ ይህን ቆጠራ ከነልማዱ ያውቃል፤ ትንሣኤን ሁለቴ አይቀንስም። ለመቁጠር አንድ ቀመር፣ የማለቂያውን ቀን ለማግኘት ሌላ ቀመር አለው። ሁለቱን እንደ አንድ ያየ ሰው የእትዬን የመጀመሪያ ስህተት በኮምፒውተር ይደግማል። የመጀመሪያው ይህ ነው፤ መነሻው `A2`፣ መድረሻው `B2`፣ የበዓላቱ ዝርዝር ከ`H2` እስከ `H13` ተቀምጧል፦

```
=NETWORKDAYS(A2,B2,$H$2:$H$13)
```

ይህ ቀመር መነሻውንም መድረሻውንም ይቆጥራል። ከሚያዝያ 6 እስከ 30 ስንት የሥራ ቀን አለ ብትለው 16 ይልሃል። ለዓመት ፈቃድ ትክክል ነው፤ ዕረፍት የወጣ ሰው የመጀመሪያዋንም ቀን ተኝቶባታል። ለደብዳቤ ቀነ ገደብ ግን የሚሻለው ሁለተኛው ነው፤ እሱ መነሻውን ትቶ ከማግስቱ ይጀምራል፦

```
=WORKDAY(A2,15,$H$2:$H$13)
```

ይህኛው ሚያዝያ 30ን ያወጣል፤ በእርግጥ ሚያዝያ ብሎ አይጠራትም፣ ሳጥኑን በቀን መልክ ስታሰናዳለት 5/8/2025 ነው የሚላት። ወደዚህ ጣጣ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዶላር ምልክቷ። የብዙ መሥሪያ ቤት ጠብ ከዚያች ትመጣለች። አንድ ባልደረባዬ የሠራተኛውን ሁሉ የፈቃድ ሰንጠረዥ ሲሠራ ምልክቷን ረስቶ `H2:H13` ብቻ ጻፈና ቀመሩን ከላይ ወደ ታች ጎተተው። ኤክሴል ታዛዥ ነው፤ አንድ ረድፍ በወረደ ቁጥር የበዓል ዝርዝሩንም አንድ ረድፍ አብሮ አወረደው። የመጀመሪያው ሠራተኛ በዓሉ ሁሉ ተከበረለት። ሁለተኛው እንቁጣጣሽ የለውም። ሦስተኛው መውሊድም ቀረበት። አራተኛው መስቀልን አጣ፣ አምስተኛው ገናን። እንዲህ እየወረደ አሥራ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሰውዬው ከማንም ጋር የማያከብር፣ በዓል የለሽ ፍጡር ሆኖ አረፈ። የሠራተኞቹ ዝርዝር በፊደል ተራ ስለነበረ ስማቸው በ«ሀ» የሚጀምር ሁሉ ደስተኞች፣ በ«ዘ» የሚጀምሩት ደግሞ ፈቃዳቸው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅባቸው ሆኑ። ማንም ስህተት ነው አላለም፤ አድልዎ ነው ተባለ እንጂ። ይህን ለመያዝ ቀላል መንገድ አለ፦ ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት መነሻና መድረሻ ስጥ። ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ካልወጣ ዝርዝሩ እየተንሸራተተ ነው።

አሁን ወደ ቀኖቹ ጣጣ። ኤክሴል የተጻፈለትን ቀን የሚያነበው በፈረንጁ ዘመን ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 2017ን በለመድነው መንገድ 6/8/2017 ብለህ ብትጽፍለት አይቃወምህም። ኮምፒውተርህ ቀንን ከወር የሚያስቀድም ከሆነ ኦገስት 6 ቀን 2017 ብሎ ይወስደዋል። ያ ቀን እሁድ ነበር። አዛውንቱ ሰኞ ጠዋት ያስገቡት ማመልከቻ እሁድ እንደገባ ተቆጥሮ ቅዳሜና እሁዱ ሁሉ ከቦታው ይዛነፋል፤ ቁጥሩ ግን በሰላም ይወጣል። የሚያስፈራው እንዲህ ያለው በሰላም የወጣ ቁጥር ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብለህ ብትሰጠው ይሻላል፤ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የላትምና ቀን ነው ብሎ አይቀበልህም፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ሳጥኑ ግራ ያስጠጋዋል። የተቀበለውን ቀን ወደ ቀኝ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ የበዓላቱን ዓምድ ከላይ እስከ ታች በዓይንህ ብታይ፣ ግራ ላይ የቀረ ካለ እሱ ለኤክሴል በዓል አይደለም። የቀሩትን ለማጣራት ከጎናቸው ይህን አኑር፦

```
=TEXT(H2,"dddd")
```

የሳምንቱን ቀን ስም ይነግርሃል። ስቅለት ዓርብ ካልሆነ፣ ትንሣኤም እሁድ ካልሆነ፣ ከሊቃውንቱ ጋር ሳትከራከር የጻፍከውን ቀን መርምር። ሁሉንም ወደ ፈረንጁ ዘመን መልሰህ መጻፍ እንጂ ሌላ ማምለጫ የለም።

ሲመልሱ ደግሞ የአምናውን ዝርዝር ዓመቱን ብቻ ቀይሮ መገልበጥ ያምራል። ይህ ፈተና ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ያለው ዓመት አንድ ቀን ወደፊት ይገፋል። 2015 ስትወጣ ጳጉሜን ስድስት ነበረች፤ ስለዚህ የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ዋለ። ጥምቀት ጥር 11ን አልለቅም ብሎ ከዓመቱ ጋር ተገፋና ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ሄደ። ገና ደግሞ ጃንዋሪ 7ን አልለቅም ብሎ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 29 ወደ 28 ተመለሰ። አንዱ በዓል የኛን ቀን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው የእነሱን ቀን ይዞ ይቀራል። የትኛውንም የቀን መቁጠሪያ ተከትለህ ብትገለብጥ በዚያ ዓመት ከሁለቱ አንዱ ያመልጥሃል።

በነገራችን ላይ 2016ን ሠራተኛ አይወዳትም። ገና እሁድ ዋለ። ጥምቀት ቅዳሜ። ትንሣኤና የአርበኞች ቀን ሁለቱም ሚያዝያ 27 እሁድ ላይ ተገጣጠሙ። በአንዳንድ አገር በዓል እሁድ ሲውል ሰኞ ይካሳል፤ እኛ ዘንድ ያለፈው አለፈ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሠራ ሰው የእነዚህን አራት በዓላት ስም አከበረ እንጂ አንዲት የሥራ ቀን አላተረፈም። አለቃዬ ያንን ዓመት «ምርታማ» ይለዋል።

ቅዳሜን እስካሁን አልፌ አልፌ መጣሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለሚሠራ ነገሩ ቀላል ነው። ብዙ የግል ድርጅት ግን ቅዳሜን ይሠራል፤ አንዳንዱ ሙሉ፣ አንዳንዱ ግማሽ ቀን። ቅዳሜ ሙሉ በሚሠራበት ቤት የአዛውንቱ 15 ቀን የሚያልቀው ሚያዝያ 30 ሳይሆን ቅዳሜ ሚያዝያ 25 ነበር፤ አምስት ቀን ቀደም ብሎ። ለኤክሴል ዕረፍቱ እሁድ ብቻ መሆኑን ለመንገር 11 የምትል ቁጥር ትጨመራለች፦

```
=WORKDAY.INTL(A2,15,11,$H$2:$H$13)
```

ያስቸገረችው ግማሿ ቅዳሜ ናት። ለግማሽ ቀን የተሠራ ቁጥር የለም። አንድ ሠራተኛ ከሰኞ ሚያዝያ 13 እስከ ቅዳሜ ሚያዝያ 25 ፈቃድ ቢወጣ ስንት ቀን ይቀነስበት? ቅዳሜ አይሠራም ብለን ስንቆጥር 9 ይወጣል። ሙሉ ይሠራል ብለን ስንቆጥር 11። የሁለቱ አማካይ 10 ነው፤ ትክክለኛውም እሱ ነው። በሁለቱ ቆጠራ መካከል ያለው ልዩነት ቅዳሜዎቹ ብቻ ናቸውና ለሁለት ሲካፈል እያንዳንዷ ቅዳሜ ግማሽ ትሆናለች፤ በዓል የዋለባት ቅዳሜም ከሁለቱም ስለምትቀር አትረብሽም። ይህን ቅዳሜን ግማሽ ቀን በሚሠራ ድርጅት ላለ ሒሳብ ሹም ሳሳየው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ታዲያ እስካሁን ቅዳሜን ሙሉ ስንቀንስባቸው የኖርነውስ?» አለኝ። በሩን ዘጋነው።

ከቀን ቆጠራ ጋር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ደጋግሞ የሚያስቀኝ ግን አዋጁ ውስጥ ያለው የሙሽራና የአባት ነገር ነው። ላገባ ሠራተኛ አዋጁ ሦስት የሥራ ቀናት ይሰጣል። ሚስቱ ለወለደችለት ደግሞ ሦስት ተከታታይ ቀናት። ቁጥሩ ሦስትና ሦስት ነው፤ ስሙ ግን ይለያያል። እሁድ ያገባ ሰው ሰኞን፣ ማክሰኞንና ረቡዕን ያርፋል። ዓርብ ማታ ልጅ የተወለደለት አባት ቅዳሜና እሁዱ፣ የራሱ የነበሩት፣ ከሦስቱ ተቆጥረውበት በእጁ የምትቀረው ሰኞ ብቻ ናት። ማክሰኞ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ወንበሩ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ወልደው የሚመጡ ባልደረቦቼን ከ«እንኳን ማርያም ማረችልህ» ቀጥዬ የምጠይቃቸው ቀኑን ነው። ሰኞ ማታ የተወለደላቸውን ከልቤ አደንቃቸዋለሁ።

የጨረቃ በዓላትን ብዙ አላነሳሁም፤ ኢድ አልፈጥር የረመዳን 29 ማታ ጨረቃ ታየች አልታየች ላይ ስለሚቆም፣ ዓመቱ መጀመሪያ ላይ በተሠራ ዝርዝር ውስጥ የሚጻፈው ግምት ነው። እኔ እነዚያን ረድፎች ቢጫ ቀለም እቀባቸዋለሁ። ቀኑ ሲታወጅ አስተካክላቸውና ቀመሩ የቀሩትን ሁሉ በራሱ ያሸጋግራል። ባለጉዳዩ ግን የተነገረው የድሮው ቀን ነው፤ እሱን የሚያሸጋግር ቀመር የለም።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ይመስለኛል፤ ለአለቃዬም በጽሑፍ አቅርቤለታለሁ። ደብዳቤው ላይ «በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ» ማለቱን ትተን፣ እኛ ራሳችን ቆጥረን «እስከ ሐሙስ ሚያዝያ 30» ብለን እንጻፍ አልኩ። ባለጉዳዩ ጣቱን አያጥፍ፣ ዘበኛው አይከራከር፣ እትዬም ቀን መቁጠሪያ አይቀይሩ።

አለቃዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። መነጽሩን አወለቀ።

«ሐሳቡ ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን ቀኑን ከጻፍንላቸውማ በዚያ ቀን መጨረስ ሊኖርብን ነው!»